ግማሽ ዋጋው የየትኛው ልብስ ነው?

በ2016 ጳጉሜ ላይ ደሴ ፒያሳ አንድ የልጆች ልብስ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ለእህቴ ልጅ ሹራብ ፍለጋ ነበር የገባሁት። ከፊቴ አንዲት እናት ቆመዋል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ ሁለት የልጅ ልጆች ይዘው ነው የመጡት። ባንኮኒው ላይ ሦስት ልብስ ደርድረዋል፤ ሱሪ 1,000 ብር፣ ሹራብ 1,200፣ ቀሚስ 1,800። ቀሚሱን ሆን ብለው መጨረሻ ላይ አስቀምጠውታል።

«እማማ፣ ግማሽ የሚሆነው ዋጋው ያነሰው ነው» አለቻቸው ካሸሯ።

«የኔ ልጅ፣ ሦስተኛው ነው ያላችሁት» አሉና ስልካቸውን አወጡ። የሱቁን የጽሑፍ መልእክት አሳዩዋት። እውነትም «ሦስተኛውን በግማሽ ዋጋ» ይላል። ቀጥለው ወደ መስታወቱ ዞሩ። እዚያ በትልቁ «ግማሽ ዋጋ!» ተለጥፏል። ከዚያ ደግሞ ጅዳ ያለችው ልጃቸው ከፌስቡክ ቀድታ የላከችላቸውን ፎቶ ከፈቱ። «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሦስቱን ተራ በተራ አሳይተው፣ «አሁን እኔ የትኛውን ልመን?» ነው ያሉት።

ካሸሯ መልስ አልነበራትም። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። መልእክቱን አንድ ሰው ጽፎታል፣ የመስታወቱን ማተሚያ ቤት ሠርቶታል፣ ፌስቡኩን የባለቤቱ ወንድም ለጥፎታል። ለእሷ የደረሳት የቃል ትእዛዝ ብቻ ነው።

ሂሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ሦስቱ ልብስ በሙሉ ዋጋ 4,000 ብር ነው። መስታወቱን ያመነ ሰው 2,000 ከፍሎ እወጣለሁ ይላል። መልእክቱን እንደ እኚህ እናት ያነበበ 3,100። ካሸሯ የምትጠይቀው 3,500 ነው። አንድ ቅናሽ፣ አንድ ሱቅ፣ ሦስት የተለያየ ዋጋ። እናትየው ሱሪውን ብቻ ገዝተው ወጡ።

## 152 ፊደል

ያ መልእክት ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ሥራዬ ከኅትመትና ከማስታወቂያ ጋር ስለሆነ ማታ ቤት ገብቼ ፊደሉን ቆጠርኩት። እንዲህ ይላል፦

> ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን ምክንያት በማድረግ ሁለት የልጆች ልብስ ለሚገዙ ደንበኞቻችን ሦስተኛውን በግማሽ ዋጋ ማቅረባችንን በደስታ እንገልጻለን። ቅናሹ እስከ ጳጉሜ 5 ይቆያል። አድራሻችን ደሴ ፒያሳ።

ክፍተቱና ነጥቡ ሳይቀር 152 ነው። ብዙ ነጋዴ አንድ የጽሑፍ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ 152ን ሲያይ ገባልኝ ብሎ ይልካል። 160 የሚሠራው ግን ለላቲን ፊደል ነው። በመልእክቱ ውስጥ አንድ የግእዝ ፊደል ከገባ ጠቅላላው መልእክት ወደ ሌላ አመዘጋገብ ይቀየራል። ያኔ የአንዱ መልእክት ልክ 70 ይሆናል። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ቦታ ቁራጮቹን መልሶ ለመግጠም ይውላል። 152 ፊደል ማለት ሦስት ቁራጭ ነው። በጅምላ ሲላክ ክፍያው በቁራጭ ስለሆነ ያ ሱቅ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሦስት መልእክት ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው።

ከገንዘቡ በላይ የገረመኝ ግን 67ኛው ፊደል የት እንደሚያርፍ ነው። «ሁለት የልጆች ልብስ» የሚለው ላይ ያበቃል። የመጀመሪያው ቁራጭ ሰላምታና መግቢያ ብቻ ነው፤ ቅናሹ አልተጠቀሰበትም። የዛሬ ስልኮች ቁራጮቹን አንድ አድርገው ስለሚያሳዩ አንባቢው መቆረጡን ላያውቅ ይችላል። ሆኖም ስልኩ ተቆልፎ እያለ ከላይ ብቅ የሚለው መጀመሪያው ነው። በጳጉሜ ሁሉም ድርጅት «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ይልካል። ሰው እሱን ሲያይ ሳይከፍት ያልፈዋል።

በላቲን ፊደል አማርኛ እየጻፉ 160ውን የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልመክርም። አንድ የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዟል። ያንኑ በላቲን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ፊደል ይፈጃል። ስለዚህ የሚተርፈው ቦታ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። የልጅ ልብስ የምትገዛ እናት ደግሞ አማርኛን በፊደሉ ነው የምታነበው።

## መጀመሪያ የጻፍነው ለካሸሯ ነው

በዓመቱ፣ በ2017 ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከዚያ ሱቅ ራቅ ብሎ ያለ ሌላ የልጆች ልብስ ነጋዴ ጠራኝ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ስለሆኑ ጋሼ እላቸዋለሁ። የፈለጉት ያንኑ ዓይነት ቅናሽ ነው፤ ሦስት ለሚገዛ አንዱ በግማሽ። ቶሎ መልእክቱን ጻፊልኝ፣ ለመስታወቱም ስቲከር ሥሪልኝ፣ ቴሌግራሙንም አንቺው ያዢው አሉኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእናትየው ነገር ስለከነከነኝ ሦስቱንም ከመንካቴ በፊት ለካሸሯ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጥ አንድ ወረቀት እንጻፍ አልኳቸው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ሦስት የልጅ ልብስ በአንድ ጊዜ የገዛ፣ ከሦስቱ ዋጋው ያነሰውን በግማሽ ይወስዳል። ጫማና ኮፍያ አይቆጠርም። ስድስት የገዛ ሁለቱን በግማሽ ያገኛል፤ የሚቆጠረው በሦስት በሦስት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ሦስት ቢገዙ ይፈቀዳል። ቅናሹ የሚያበቃው ጳጉሜ 5 ማታ 2 ሰዓት ነው።

የጎረቤታሞቹን ነገር ያነሳችው ካሸሯ ናት። «ሰው እንደዛ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ምን ልበል?» አለች። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ይሁን አሉ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከማስታወቂያው በፊት ካልተመለሰ በበዓል ዋዜማ፣ ሰው በተሰለፈበት ነው የሚመለሰው።

ከዚያ ወረቀት ተነስቼ ነው መልእክቱን፣ ስቲከሩንና ፖስቱን ያየኋቸው። አንድን ጽሑፍ እያሳጠሩ ሦስት ቦታ መለጠፍ ለምን እንዳልሠራ ያኔ ገባኝ። ሰው ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚቆርጠው ቅድመ ሁኔታውን ነው፤ ምክንያቱም ደስ የማይለው እሱ ነው። ሰላምታውን ለመቁረጥ ግን ያፍራል። እኔ የያዝኩት ተቃራኒውን ነው። ሰላምታው፣ አድራሻው፣ የሱቁ ስም፣ ሥዕሉ እንደየቦታው ሊገባም ሊወጣም ይችላል። «ሦስት ሲገዙ» እና «ዋጋው ያነሰው» ግን ግማሽ የሚለው ቃል ካለበት ቦታ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ የበለጠ ይጎላል። በዚያች እናት ምሳሌ ከ4,000 ብር የሚቀነሰው 500 ነው፤ 12 ከግማሽ በመቶ። ሦስቱም ልብስ እኩል ዋጋ ቢሆኑ እንኳ ቅናሹ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ አያልፍም። ጥሩ ቅናሽ ነው፤ ልጅ ለሚያለብስ ሰው 500 ብር ቀላል አይደለም። ከ50 በመቶ ጋር ግን አይገናኝም። መስታወት ላይ ብቻውን የተጻፈ «ግማሽ ዋጋ!» ሰው ወደ ሱቅ ያስገባል፤ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ግን የተታለለ ይመስለዋል። ደሴ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

## 70 ውስጥ መግባት

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፈውም። በቦታው «ሱቃችን» ልበል፤ የፊደሉ ብዛት እኩል ነው። የተላከው መልእክት ይህ ነበር፦

> ሱቃችን፦ 3 የልጅ ልብስ ሲገዙ ዋጋው ያነሰው በግማሽ። እስከ ጳጉሜ 5 ማታ። ፒያሳ። መልካም አዲስ ዓመት!

67 ፊደል ነው። ስሙ መጀመሪያ የመጣው መልእክቱ ከአጭር ቁጥር ሲደርስ ማን እንደላከው ስለማይታወቅ ነው። ቁጥሮቹን በቃል አልጻፍኳቸውም፤ «ሦስት» ሦስት ቦታ ይወስዳል፣ 3 አንድ። ሰላምታው መጨረሻ ላይ ሄደ። አልጠፋም፤ የበዓል መልእክት ያለ መልካም ምኞት ደረቅ ይሆናል። ግን ሰው ሳይከፍት የሚያየው ቦታ ላይ አይደለም። በዚያ ዓመት መውሊድ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ቀድሞ ስለዋለ ብዙ ቤተሰብ ለሁለቱም የሚሆን ልብስ ይገዛ ነበር። «መልካም አዲስ ዓመት» ለሁሉም ደንበኛ የሚሆን ነው።

መጀመሪያ «ርካሹ በግማሽ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያጥራል። ጋሼ ግን «ዕቃዬን ርካሽ አትበይብኝ» አሉ። ልክ ናቸው። «ዋጋው ያነሰው» የሚለው ቦታ ቢወስድም ልብሱን አያንቋሽሽም። ከዚያ ደግሞ ሦስት ፊደል ተርፏል፣ «በግማሽ ዋጋ» በይበት አሉ። ከክፍተቱ ጋር በትክክል ሦስት ነው፣ 70 ይሞላል። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ጽሑፍ ከአንድ ቦታ ተቀድቶ ሲለጠፍ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍተት ወይም አዲስ መስመር ይዞ ይመጣል። ያ አንድ ተጨማሪ ፊደል ነው። 71 ሲሆን የሁለት መልእክት ክፍያ ይመጣል። ሁለት ሦስት ቦታ ባዶ መተው ይሻላል።

ሲላክ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የቴሌግራም ጽሑፍ ይታረማል፤ ስቲከር ይላጣል፤ ስልክ ላይ የገባ መልእክት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሴ፣ ለጋሼና ለካሸሯ ላክሁት። የጋሼ ስልክ አሮጌ የቁልፍ ስልክ ስለሆነ ፊደሉ ወደ ሳጥን አለመቀየሩን ያየሁት በእሱ ነው። ለደንበኞች የላክነው ነሐሴ መጨረሻ፣ ደመወዝ እንደወጣ ነው። ጳጉሜ የራሷ ደመወዝ የላትም። ጳጉሜ 4 ላይ የሚደርስ መልእክት ብሩ ለዶሮና ለቅቤ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው።

## መስታወቱ

መስታወቱ ፊት የቆመ ሰው ሱቁ የት እንዳለ ያውቃል። ስሙም ከበሩ በላይ አለ። ስለዚህ አድራሻ፣ ስልክ፣ ስም ከስቲከሩ ወጡ። የቀረው ሁለት መስመር ነው። ላይኛው «3 የልጅ ልብስ ሲገዙ» ፣ ታችኛው «ዋጋው ያነሰው በግማሽ»። ከሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ «እስከ ጳጉሜ 5»። ሁለቱ መስመሮች እኩል መጠን እንዲሆኑ ድርቅ አልኩ። ማተሚያ ቤቱ ያሉት ልጆች በልማዳቸው «በግማሽ» የሚለውን ሦስት እጥፍ ሊያተልቁት ነበር። ዓይን መጀመሪያ የሚያነበው ትልቁን ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ አያልፍም።

ለፊደል ቁመት የታወቀው መነሻ በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሰው ወደ 8 ሴንቲሜትር ይመጣል። ለአማርኛ ከዚያ ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው። ሰ፣ ሱ እና ሲን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ከሩቅ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷ ናት። በጣም የወፈረ ፊደልም አይረዳም። ሲወፍር በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። እኛ 10 ሴንቲሜትር፣ መካከለኛ ውፍረት ተጠቀምን። ከዚያ መንገድ ተሻግሬ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

ቀለሙ ላይም ተከራክረናል። እንቁጣጣሽ ሲባል ሁሉም አደይ አበባን ያስባል፣ ስለዚህ ፊደሉ ቢጫ ይሁን ተባለ። ቢጫ ፊደል በመስታወት ላይ፣ በተለይ በደሴ ጉምና ደመና፣ አይታይም። ቢጫውን መደብ አድርገን ፊደሉን ጥቁር አረንጓዴ አደረግነው። ስቲከሩ የተለጠፈው ከውስጥ በኩል፣ ወደ ውጭ እንዲነበብ ሆኖ ነው። ከውጭ የተለጠፈ በጳጉሜ ዝናብ ጠርዙ ይነሳል፤ ጠርዙ የተነሳ ማስታወቂያ ደግሞ ያረጀ ቅናሽ ይመስላል።

## ጅዳ ያለችው ልጅ

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የተለየ የሚሆነው አንባቢው ነው። መልእክቱን የሚያነበው የቀድሞ ደንበኛ ነው፤ መስታወቱን የሚያነበው መንገደኛ ነው። ፖስቱን የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ ደሴ የሌለ ሰው ነው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ አዲስ አበባ። ከወሎ ወጥቶ በበዓል ለታናናሾቹ ልብስ የሚያለብስ ሰው ብዙ ነው። ለእሱ «ፒያሳ ይምጡ» ማለት ምንም አይጠቅመውም። የሚፈልገው ሌላ ነው። ዋጋው ስንት ነው? ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን አለ? ከዚህ ሆኜ ብከፍል እናቴ ሄዳ መውሰድ ትችላለች?

ስለዚህ ፖስቱ ላይ ያስቀደምነው ሂሳቡን ነው። ሦስት ልብስ ባንኮኒ ላይ ተዘርግተው ፎቶ ተነሱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ዋጋው። የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ሆነ፦ «ቀሚስ 1,800፣ ሹራብ 1,200፣ ሱሪ 1,000። ሦስቱን ሲወስዱ ሱሪው 500፤ የሚከፍሉት 3,500 ብር።» ፌስቡክ ከጥቂት መስመር በኋላ የቀረውን ስለሚደብቅ ዋጋው መጀመሪያ መምጣት አለበት። ቴሌግራም ከፎቶ ጋር እስከ 1,024 ፊደል ስለሚፈቅድ ቦታ አያሳስብም። ከሂሳቡ ቀጥሎ መጠኑን በዕድሜ፣ ክፍያው በማን ስም እንደሚገባ፣ የተከፈለበት ልብስ እስከ መቼ ተለይቶ እንደሚቀመጥና የሚወስደው ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ጻፍን። ሰላምታውን እዚህ ዘርዘር አድርገን ጻፍነው፤ ከቤቱ የራቀ ሰው ያንን ይወዳል።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ ጋሼም ለምደውት ነበር። ተፎካካሪ እንዳያይብኝ ብለው ነው። እኔ ግን ዋጋው ካልተጻፈ «ዋጋው ያነሰው» የሚለው ትርጉም የለውም አልኳቸው። ማነሱን በምን ያውቃል? ተስማሙ።

ለጳጉሜ 5 የታሰበውን የመጨረሻ ፖስት ቀድሜ ነበር የሞላሁት። የፌስቡክ ቀን መቁጠሪያ የፈረንጅ ስለሆነ ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 10 ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ 20:00። ማስታወሻው ሱቁ ከመዝጋቱ ጥቂት ሰዓት ቀድሞ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ እንዲሄድ 17:00 ላይ አደረግሁት።

ሦስቱ እስከ አንድ ቀን ድረስ አብረው ይሄዱና የሚለያዩት ቅናሹ ሲያበቃ ነው። መልእክቱ ስልክ ውስጥ ይቀበራል። ስቲከሩን ጳጉሜ 5 ማታ ካሸሯ እንድትልጥ በወረቀቷ ላይ ተጽፎላታል። ፎቶው ግን ከግሩፕ ግሩፕ እየተላለፈ ይኖራል። «እስከ ጳጉሜ 5» በየዓመቱ የሚመጣ ቀን ስለሆነ በሚቀጥለው ነሐሴ አንድ ሰው ይዞት ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ፎቶው ላይ ብቻ «ጳጉሜ 5 ቀን 2017» ብለን ዓመተ ምሕረቱን ያስገባነው። በ70 ፊደሉ መልእክት ውስጥ ዓመቱ ቦታ ማባከን ነው፤ መስታወቱም ላይ አያስፈልግም።

የአንድ ዓመቱን ጽሑፍ ለሌላ ዓመት ገልብጦ ለመጠቀም ያሰበ ነጋዴ ካለ ደግሞ የ2019ን ጳጉሜ ይያት። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። ዋዜማው ጳጉሜ 6 ነው። አሮጌውን «እስከ ጳጉሜ 5» እንዳለ የላከ ሱቅ ቅናሹን የሚዘጋው ገበያው ከሚደምቅበት ቀን በፊት ነው።